95% ስላየሽ ሙከራውን አትዝጊው

«የዲጂታል ማርኬቲንግ ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ወሬ ነው። ለአንድ የሂሳብ አያያዝ ስልጠና የምዝገባ ገጽ ሁለት ዓይነት አዘጋጅቼ እየሞከርኩ ነው። በድሮው ፎርም ሰባት ጥያቄ አለ፣ በአዲሱ ስምና ስልክ ብቻ። በአራተኛው ቀን የድሮውን 412 ሰው አይቶት 18 ተመዘገቡ፤ አዲሱን 405 አይቶት 31 ተመዘገቡ። ዳሽቦርዱ 95% ይላል። አለቃዬ ‹ይበቃል፣ ዝጊውና ለደንበኛው እንንገረው› አለኝ። ሲቪዬ ላይ ‹ምዝገባን በ75% አሳደግሁ› ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል? ቤተሰቦቼ ደግሞ ‹ይሄም ሥራ ሆኖ! ባንክ ግቢ› ይሉኛል፣ ደሞዜም ትንሽ ነው። ሰርተፍኬት የሚሰጥ ኮርስስ ልክፈል?»

እህቴ፣ አትዝጊው። ሲቪሽ ላይም 75% እንዳትጽፊ። ሂሳብሽ ትክክል ነው፣ እኔም ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ቁጥሩ ግን ገና አልረጋም።

መጀመሪያ ያ 95% ምን እያለሽ እንደሆነ እንይ። አብዛኛው ሰው «አዲሱ ገጽ የተሻለ የመሆን ዕድሉ 95% ነው» ብሎ ያነበዋል። እንደዚያ አይደለም። የሚለው ይህን ነው፦ ሁለቱ ገጾች በእውነት እኩል ቢሆኑ ኖሮ፣ ይህን ያህል የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የሚታየው ከ100 ሙከራ በ5ቱ ገደማ ነው። እሱም ቢሆን የሚሠራው ስንት ሰው እስኪያየው እንደምትጠብቂ አስቀድመሽ ወስነሽ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ካየሽ ነው። አንቺ ግን በየቀኑ ዳሽቦርዱን እየከፈትሽ፣ 95 ሲል ለማቆም ነው የተዘጋጀሽው። በሙከራው ውስጥ በእኩል ርቀት አምስት ጊዜ እያየሽ፣ 95% ባለ ቁጥር የምታቆሚ ከሆነ የመሳሳት ዕድልሽ ከ5% ወደ 14% ገደማ ይወጣል። አሥር ጊዜ ካየሽ ደግሞ ወደ 19%። ምንም ልዩነት የሌላቸውን ሁለት ገጾች እያወዳደርሽ ከአምስት አንዴ ያህል «አሸነፈ» ብለሽ ለደንበኛ ልትናገሪ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር በጣም የሚያሳስበኝ የመጣሁበት ሙያ ስላሳየኝ ነው። ስታትስቲክስ ተምሬ ለዓመታት የሠራሁት የቤት ለቤት ጥናት ላይ ነው። እዚያ የናሙናው ብዛት መስክ ከመውጣታችን በፊት ተጽፎ ይጸድቃል። መረጃ ሰብሳቢው መንገድ ላይ «መልሱ ደስ ይላል፣ ይበቃኛል» ብሎ አይመለስም። አንቺም ያን ልማድ አሁኑኑ ብትይዢው እመርጣለሁ።

ያንቺን ቁጥር ደግሞ በሌላ መንገድ እንየው። የድሮው 4.4% ነው፣ አዲሱ 7.7%፣ ልዩነቱ 3.3 የመቶኛ ነጥብ። ነገር ግን በዚህ ብዛት ያለው ጎብኚ የሚነግርሽ እውነተኛው ልዩነት ከዜሮ ትንሽ ከፍ ካለ ቁጥር እስከ 6.5 ነጥብ የትም ሊሆን እንደሚችል ነው። 75% ያልሽው የዚህ ሰፊ ክልል መሃሉ ነው። ልዩነቱ ሰፍቶ በታየበት ቀን የሚያቆም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የተጋነነውን ቁጥር ነው፤ ገጹ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ቁጥሩ ሲወርድ ደግሞ ደንበኛው የሚጠይቀው አለቃሽን ሳይሆን አንቺን ነው።

ስለዚህ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግሽ አስቀድመሽ አስቢ። ለአንድ ገጽ የሚሆን ግምት ይኸውልሽ፦

```
n = 16 × p × (1 − p) ÷ d²
```

p የሁለቱ ገጾች የምዝገባ መጠን አማካይ ነው፣ d ደግሞ እንዳያመልጥሽ የምትፈልጊው ትንሹ ልዩነት። ምዝገባው ከ5% ወደ 7% ቢያድግ ለደንበኛው ትርጉም አለው እንበል። p 0.06 ይሆናል፣ d ደግሞ 0.02። ለእያንዳንዱ ገጽ 2,256 ሰው ይወጣል፣ በድምሩ 4,500 ገደማ። አንቺ ጋ በቀን 200 ሰው ገደማ ይገባል፣ ስለዚህ 22 ወይም 23 ቀን ይፈጃል። ወደ ሙሉ ሳምንት አጠጋግተሽ አራት ሳምንት አድርጊው። የቅዳሜ ጎብኚ እንደ ማክሰኞ ጎብኚ አይደለም፤ ደሞዝ የገባለት ሰውም ወር መጨረሻ ላይ እጁ ካጠረው ሰው ይለያል። አራቱን ቀናት ወደ ጎን ትተሽ ከሰኞ እንደ አዲስ ቁጠሪ፣ ምክንያቱም ያጓጉሽ እነሱ ናቸው። ይህ ስሌት ልዩነቱ በእውነት ካለ ከአምስት አራት ጊዜ እንድታገኚው ነው እንጂ ዋስትና አይሰጥም። የአንድ ነጥብ ልዩነት ብቻ ልያዝ ካልሽ ደግሞ ለአንድ ገጽ ከ8,000 በላይ ሰው፣ ወደ ሦስት ወር ይጠይቅሻል። የቁልፍ ቀለም እየቀያየርሽ መሞከር ባንቺ ገጽ ላይ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሲያልቅ አሸናፊውን ከማየትሽ በፊት የጎብኚውን ብዛት እዪ። 412 እና 405 ጤነኛ ክፍፍል ነው። በአራት ሳምንት 2,400 እና 2,150 ብታገኚ ግን ሙከራው ተበላሽቷል፤ ግማሽ በግማሽ የተከፈለ ጎብኚ በዚህ ብዛት በአጋጣሚ እንዲህ አይዛባም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንዱ ገጽ ዘግይቶ መከፈቱ ነው። ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ሰው ገና ሳይቆጠር ዘግቶት ይወጣል፣ የሚቀሩት ጥሩ ስልክና ጥሩ ኢንተርኔት ያላቸው ናቸው፣ ያኔ የዚያ ገጽ መቶኛ ከፍ ብሎ ይታያል። እንዲህ ሲሆን ውጤቱን አታስተካክዪው፤ ችግሩን አግኝተሽ ድገሚው።

አንድ ነገር ደግሞ አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልንገርሽ። ሰባት ጥያቄን ወደ ሁለት ስታወርጂ ተመዝጋቢ መብዛቱ አያስገርምም። ደንበኛሽ የሚኖረው ግን በከፋዩ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈለው ሰው ከየትኛው ገጽ እንደመጣ ከምዝገባው ጋር ያዢ። አዲሱ ገጽ ስልኩን ብቻ ጥሎ የሚጠፋ ሰው ካበዛ ስልክ ደዋዮቹን ነው የምታደክሚው። ከፋዮች ጥቂት ስለሚሆኑ በእነሱ ብቻ አሸናፊ መለየት ይከብድሽ ይሆናል፤ ቢያንስ እየቀነሱ እንዳልሆነ ታያለሽ።

ቤተሰቦችሽ ተሳስተዋል፣ ይሄ ሥራ ነው። ግን ደሞዝሽ ታክሲና ምሳ ብቻ የሚሸፍን ከሆነ በህልም ኪራይ አይከፈልም፤ የባንኩን ፈተና ተፈተኚ። ማመልከት መልቀቅ አይደለም፣ ባንክም የሞባይል አገልግሎቱን ቁጥር የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። «ባንክ ግቢ» የሚሉሽ ዘመዶች ወጪሽን ካልቻሉልሽ ግን ውሳኔውን ላንቺ ይተዉ። ኮርሱን አሁን አትክፈዪ፤ ከላይ ያለውን ስሌት ራስሽ በጉግል ሺትስ ሥሪው።

ሲቪሽ ላይ የሚገባው እንዲህ ያለ ነው፦ «የናሙናውን ብዛት አስቀድሜ ወስኜ የአራት ሳምንት ሙከራ መራሁ»፣ ቀጥሎም የወጣው ልዩነት ከነክልሉ። ግልጽ ልዩነት ካልታየም እሱኑ ጻፊ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከ75% ይልቅ ይህችን መስመር አይቼ ነው የምጠራሽ።

ለአለቃሽ ደግሞ ዛሬውኑ በቴሌግራም ሦስት ነገር ላኪለት፦ በእያንዳንዱ ገጽ 2,256 ሰው፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ውሳኔው የሚሰጠው በየትኛው ቁጥር እንደሆነ። ሙከራው ሳይጀመር የተላከ መልእክት ቀኑ ተጽፎበት ስለሚቀር፣ በሁለተኛው ሳምንት «ዝጊው» ሲልሽ የምታሳዪው ይኖርሻል።