ሚዛኑ ሲንሸራተት ቻርቱ ለምን ዝም አለ?

ሰሞኑን አንድ ወጣት ኬሚስት የሚዛኑን ኮንትሮል ቻርት፣ ማለትም የየዕለቱ ንባብ በገደብ መስመሮች መሃል የሚነጠብበትን ግራፍ፣ ፎቶ አንስቶ ላከልኝና «ጋሼ፣ ሁሉም ነጥብ ገደቡ ውስጥ ነው፤ ሚዛኑ ደህና ነው አይደል?» አለኝ። እኔም በእሱ ዕድሜ በዚሁ ተሸውጃለሁ። የኔን ጉድ ልንገራችሁ።

ላብራቶሪያችን ፒያሳ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነበር። በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር 200 ግራም ክብደት በመቆንጠጫ አንስቼ አናሊቲካል ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ንባቡን ቻርቱ ላይ እነጥባለሁ። ቼክ ስታንዳርድ የምንላት ይህቺ ናት፤ ለሌላ ሥራ አትነካም። መጀመሪያ የ30 ቀን ንባብ ሰብስበን አማካዩን የመሃል መስመር አደረግነው። ሲግማው፣ ማለትም ንባቡ በዘፈቀደ የሚዋዥቅበት መጠን፣ 0.2 ሚሊግራም ወጣ። ገደባችን ሦስት ሲግማ ስለሆነ ከመሃል ወደ ላይም ወደ ታችም 0.6 ሚሊግራም ነበር።

እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ እኔ ጎበዝ መሆን አማረኝ። ቻርቱን ኤክሴል ላይ አዛወርኩና መሃሉንም ገደቡንም ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ 30 ንባቦች እንዲያሰላ አደረግሁት። አለቃዬ ሳይቀር አመሰገነኝ!

በዚያው ሰሞን ሚዛኑ በሳምንት 0.1 ሚሊግራም ገደማ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ቻርቱ አልጮኸም። ለምን? 30 የሥራ ቀን ስድስት ሳምንት ነው፤ የስድስት ሳምንት አማካይ ደግሞ ከዛሬው ንባብ በሦስት ሳምንት፣ ማለትም በ0.3 ሚሊግራም ብቻ ይርቃል። መንሸራተቱ ራሱ ደግሞ ሲግማውን አሳበጠው፣ ወደ 0.26 ገደማ። ገደቡ ወደ 0.8 ሰፋ። ሚዛኑ በሸሸ ቁጥር መስመሮቹም አብረውት እየሸሹ፣ ሌባውና ዘበኛው አብረው ሲሄዱ እኔ ቆሜ አያለሁ። በአሥር ሳምንት አንድ ሚሊግራም ሄደ፣ አንድም ነጥብ ሳይወጣ።

ስለዚህ ገደቡን ከመጀመሪያው ደህና ወቅት አስሉና ቆልፉት። የሚቀየረው ሚዛኑ ሲጠገን ወይም አዲስ ካሊብሬሽን ሲደረግለት ነው፣ ያውም ምክንያቱ መዝገብ ላይ ተጽፎ።

የተቆለፈ ገደብም ቢሆን ቀስ ብሎ ለሚሄድ ነገር ይዘገያል። በእኔ ጉዳይ አማካዩ 0.6 ላይ የሚደርሰው በስድስተኛው ሳምንት ነበር፤ አንድ ነጥብ በመዋዠቅ ቀደም ብሎ ሊወጣ ቢችልም። ስምንት ነጥብ በተከታታይ ከመሃል በአንድ ወገን ካረፈ ተጠራጠሩ። ከዚያ የሚሻለው ግን ያለፈውን የሚያስታውስ ተንሸራታች አማካይ ነው። B ዓምድ ላይ የዛሬ ንባብ ከተቆለፈው መሃል የራቀበትን መጠን አድርጉ፣ C ላይ ደግሞ ይህን፦

```
=0.2*B32+0.8*C31
```

ትናንት C ላይ -0.15 ቢኖርና ዛሬ -0.4 ብታነቡ 0.2 × -0.4 እና 0.8 × -0.15 ተደምሮ -0.20 ይሆናል። ለዛሬ ንባብ የ0.2 ድርሻ ስትሰጡ የC ዓምድ የሦስት ሲግማ ገደብ የንባቡ ሲግማ አንድ ሦስተኛ ተባዝቶ በሦስት ነው፣ ማለትም ያው አንድ ሲግማ፣ 0.2 ሚሊግራም። ያቺ -0.4 ብቻዋን ማንንም አታስደነግጥም፤ C ግን ጠርዝ ላይ ደርሷል። የኔ ሚዛን በዚህ መንገድ ሦስት ሳምንት አካባቢ ይያዝ ነበር።

አሁን ምልክቱ መጣ እንበል። ማን ነው የሸሸው፣ ሚዛኑ ወይስ ክብደቷ? ብዙ ሰው ቶሎ አድጀስት ይነካል፣ ማስረጃውንም ያጠፋል። መጀመሪያ ንባቡን እንዳለ ጻፉ፣ ቀጥሎ ሌላ ክብደት ጫኑ። እኔ 100 ግራም ስጭን ጉድለቱ ግማሽ ሚሊግራም ሆነ። ከጭነቱ ጋር በግማሽ ከቀነሰ ሚዛኑ ለጭነት የሚሰጠው ምላሽ ነው የተለወጠው። ክብደቷ ብትፋቅ ወይም አሻራ ቢነካት ኖሮ 100 ግራሙ ከወትሮው አይለወጥም ነበር።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ የውሃ ልኩን አረፋ አየሁ። ከክቡ ወጥቷል። አዲስ የገባ ከባድ ቁምሳጥን ጣውላውን ተጭኖ የጠረጴዛው አንድ እግር እየሰጠመ ነበር። ሚዛን ሲያዘነብል የሚያነበው ይቀንሳል፤ ለ200 ግራም አንድ ሚሊግራም ለማሳነስ ከዲግሪ ሩብ ያነሰ ዝንባሌ ይበቃል። ቁምሳጥኑን አወጣን፣ እግሩን አስተካከልን፣ አረፋው መሃል ገባ፣ ንባቡም ተመለሰ።

ደግነቱ ናሙናዎቻችን ከ5 ግራም አይበልጡም ነበር። በዚያ ጭነት ስህተቱ 0.025 ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ ሪፖርት መመለስ አላስፈለገም። ግን ይህን ለማወቅ የአሥር ሳምንት መዝገብ አንድ በአንድ ማገላበጥ ነበረብኝ፣ ለአለቃዬም ያን የተመሰገንኩበትን ፎርሙላ ማስረዳት።