የላብ ማኑዋሉ ጥያቄና የጓደኛዬ ሲሊንደር

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ባለፈው ደወለችና «ጋሼ፣ የላብ ማኑዋላችን ጥያቄዎች እርስ በርስ ይጋጩብኛል» አለችኝ። አንደኛው ጥያቄ «ያልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ውሃ የማይጨመረው ለምንድን ነው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «አሲድ ቆዳ ላይ ቢፈስ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ነው፤ መልሱ በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። «ታዲያ እጄ ላይ ያለውስ አሲድ አይደለም ወይ?» አለች።

ጥያቄዋ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ሆዴ ባር ባር አለ። ይህን ጥያቄ እኛ ብንጠይቅ ኖሮ አንዲት ጓደኛዬ ባልተጎዳች ነበር።

ተማሪ ሳለን አብራኝ የምትሠራ ልጅ ነበረች። የሚገርም ጭንቅላት ነበራት። «አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም» የሚለውን ሁላችንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን እንወጣዋለን። የዚያን ቀን ሥራችን 250 ሚሊ ሊትር የ1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ማዘጋጀት ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው 98 በመቶው፣ 18 ሞላር ገደማ የሆነው ነው። ስሌቱ 14 ሚሊ ሊትር ያህል ይሰጣል።

እሷ ሁሉንም በደንብ ሠራች። ቢከር ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አደረገች። ቢከሩን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀመጠች። አሲዱን በመስታወት ዘንግ እያማሰለች በቀስታ ጨመረች። ከዚያ «ጨረስን» አለችና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለችው።

አሲዱን በለካችበት ሲሊንደር ውስጥ ግን ትርፍ አሲድ ቀርቶ ነበር። አብዝታ ስለቀዳች፣ ከታች ጥቂት ሚሊ ሊትር ተቀምጧል። ይዛው ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ልታጥበው። ቧንቧውን በቀጭኑ ከፈተችው።

ተንጫጫ። ጠብታዎቹ ጉንጯ ላይና ከዓይኗ ሥር አረፉ። አንዱ ልጅ ቤኪንግ ሶዳ ይዞ ሮጠ፤ አሲዱን ሊያመክን ነው። የላብ ቴክኒሻኑ ገፋ አደረገውና ፊቷን ቧንቧ ሥር ያዘው። ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ አላስነሳትም። ዓይኗ ተረፈ። ጉንጯ ላይ ግን ጠባሳ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት አካውንቲንግ ገባች። እሷ ኬሚስት መሆን የነበረባት ልጅ ናት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሕጉን ታውቀዋለች። ሕጉ ግን ለእሷ ስለ «ማቅጠን» ነበር፤ «ማጠብ» ላይም እንደሚሠራ ማንም አልጠየቃትም። የሁላችንም መልስ አንድ መስመር ነበር፣ ሁላችንም ሙሉ ማርክ አገኘን።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ያልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ክብደቱ የውሃ 1.84 እጥፍ ነው። ጥቂት ውሃ ከላይ ስታፈስበት ውሃው ቶሎ አይሰምጥም፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ ኃይለኛ ሙቀት ይወጣል። ጥቂቱ ውሃ እዚያው ፈልቶ እንፋሎት ይሆንና አሲዱን ይዞ ይረጫል። አሲዱን ወደ ብዙ ውሃ ስትጨምረው ግን ይሰምጣል፤ ሙቀቱን ውሃው ሁሉ ይካፈለዋል። ያ የእኛ ቢከር እንኳ፣ ሳህን ውስጥ ባይቀመጥ፣ ሙቀቱ ከነበረበት ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨምር ነበር።

ስለዚህ ዋናው ነገር የውሃው መጠን ነው። እጅ ላይ ያለ ጠብታ በሚወርድ ብዙ ውሃ ሲታጠብ፣ ውሃው አሲዱንም ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ግን የጓደኛዬን ቀጭን ቧንቧ መድገም ነው። ቤዝ መጨመርም አይረዳም፤ ማምከኑ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ እስኪፈለግም ጊዜ ይበላል።

ሲሊንደሩስ? መጀመሪያ ትርፍ አትቅዱ። ከቀረ ግን፣ መነጽር እንዳደረጋችሁ፣ ውሃ የሞላ ትልቅ ቢከር ውስጥ በቀስታ አንጠፍጥፉት። ከዚያ በኋላ ነው ቧንቧ።

የዛሬ ልጆች መልስ በቴሌግራም ትቀባበላላችሁ፤ ይህ ያናድደኛል። እርግጥ እኛም ዶርም ውስጥ ደብተር እየተዋዋስን ነው የገለበጥነው። እናንተ ግን «ይጋጫል» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩም፤ እኛ እንፈራ ነበር።

ጋዋን ነገርም ትዝ አለኝ። አሲድ የነካው ጋዋን ያን ቀን ምንም አይመስልም። ውሃው ሲተን አሲዱ እየጠነከረ ይቀራል፤ ቀዳዳው የሚታየው ከታጠበ በኋላ ነው። ቶሎ አውልቃችሁ በውሃ አለቅልቁት።

የእህቴ ልጅ ማኑዋል ቀጣዩ ጥያቄ «ወደ ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ከመገልበጡ በፊት ለምን ይቀዘቅዛል?» የሚል ነው። «ፍላስኩ እንዳይሰነጠቅ» ብላ ጽፋለች። ዋናው ምክንያት ግን ልኬቱ ነው፤ ፍላስኩ የተለካው ለ20 ዲግሪ ነው። ትኩሱን እስከ ምልክቱ ብትሞሉት፣ ሲቀዘቅዝ ከምልክቱ በታች ይወርዳል፤ 1 ሞላር ያላችሁትም ከ1 ሞላር በላይ ይሆናል። መልሷን አስተካክላ እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ።