ካርት ሞልተው ሳይከፍሉ ስለሚወጡ ደንበኞች

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ ሆኜ ጫማ ኦንላይን እሸጣለሁ፣ ሰው ካርት ውስጥ ይከትና ሳይከፍል ይጠፋል፣ ምን ላርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ ሳይትህን ከፍቼ እስከ ክፍያው ድረስ ሄድኩበት፣ ዋናው ችግር ዴሊቨሪው ነው። ጫማው 1,800 ብር ይላል፣ ሰው ስሙን ስልኩን ፓስወርዱን ሁሉ ሞልቶ ሲጨርስ 300 ብር ዴሊቨሪ ይመጣበታል፣ በቃ እዛ ላይ ይዘጋዋል። 300 ብሩ ስለበዛበት ብቻ አይደለም፣ ቀድሞ ስላልተነገረው የተሸወደ ይመስለዋል። እዛው ጫማው ፔጅ ላይ ከዋጋው ስር ሰፈር መምረጫ አስገባ፣ ኮዬ ፈጬ ይሄን ያህል፣ ቦሌ ይሄን ያህል፣ ራሱ መጥቶ ለሚወስድ ነፃ፣ ከዛ ካርቱ ላይ ድምሩ አብሮ ይታይ።

አካውንት ክፈት የሚለውንም አንሳው፣ ለማድረስ ስልክ ይበቃሃል፣ ፓስወርድ የፈለገ ከከፈለ በኋላ ይፍጠር። ዚፕ ኮድ ደግሞ ግዴታ አድርገኸዋል፣ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው እዛ ላይ ምን ብሎ ይሙላ? በሱ ፋንታ የኮንዶሚኒየሙን ሳይት፣ ብሎክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥርና አንድ የሚታወቅ ምልክት ጠይቅ።

ጉግል አናሊቲክስ ካለህ ደንበኛው የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ የሚመዘግቡት `begin_checkout`፣ `add_shipping_info`፣ `add_payment_info` እና `purchase` በትክክል መላካቸውን አረጋግጥና ቁጥራቸውን አስተያይ። ሰው ከሁለተኛው በፊት ካለቀ ችግሩ ፎርሙ ወይ ዴሊቨሪው ነው፣ ከሦስተኛው በኋላ ካለቀ ግን ክፍያው ራሱ ነው፣ ያኔ በራስህ ስልክ እውነተኛ ትእዛዝ ከፍለህ ሞክረው። ዋጋ ለማወዳደር ብቻ ካርት የሚሞላ ሰውም አለ፣ እሱን በፎርም አታመጣውም። መጀመሪያ የዴሊቨሪውን ብቻ ቀይርና ቁጥሩን እይ፣ ሁሉንም ባንዴ ከነካካኸው የቱ እንደሠራ አታውቅም።