«ጥሩ» ብላችሁ አትጻፉ፦ ስለ እርዳታ ዕቃ መረከቢያ ቅጽ ጥያቄና መልስ

ለእርዳታ የሚሰበሰብ ልብስ፣ ምግብና ብርድ ልብስ ከመታደሉ በፊት ስለሚመዘገብበት ቅጽ ጠይቁኝ። ዓመታት ያሳለፍኩት ከረጢት በሚፈታበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለ ገንዘብ መዋጮ ግን ምንም አላውቅም፤ እሱን ለሌላ ሰው አቅርቡት።

ቅጻችን አሥራ አንድ ዓምድ አለው። በዛ ወይ?

በዝቷል። ዓይነቱ፣ ለማን እንደሚሆን፣ ብዛቱ፣ ውሳኔው፣ የተቀመጠበት ቦታ፤ ለምግብ ደግሞ ቀኑ። ከዚህ በላይ የሆነው ሁሉ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ባዶ ይቀራል። የለጋሹ ስም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ እንጂ እዚህ አይግባ።

«ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ እያልን እንሞላለን። ጉዳት አለው?

አለው፤ እኔ ራሴ ከፍዬበታለሁ። አንድ ጊዜ በቅጻችን ላይ «ብርድ ልብስ፣ 120፣ ጥሩ» የሚል መስመር ነበር። ያንን አምነን 120 አባወራ ጠራን። ሰዉ ተሰልፎ እስሩ ሲፈታ 23ቱ የሕፃን አልጋ ብርድ ልብስ ሆነው ተገኙ። 14ቱ ደግሞ ላያቸው ደረቅ፣ መሐላቸው የሻገተ ነበር። ሊታደል የሚችለው 83 ብቻ ስለነበረ 37 ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ።

ማን እንዳጠፋ ስንመረምር የዋሸ ሰው አላገኘንም። ከመዝጋቢዎቹ አንዱ «ጥሩ» ያለው ያልተቀደደውን ነበር፣ ሌላዋ ደግሞ ንጹሑን። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ቃሉ ግን ለሚያድለው ሰው ምንም አልነገረውም። ከዚያ ወዲህ ዓምዱን «ውሳኔ» ብዬ ሰየምኩት፤ የሚጻፍበትም ከአራት ቃላት አንዱ ብቻ ነው፦ ይሰጥ፣ ይታጠብ፣ ይጠገን፣ ይወገድ። «ይሰጥ» ማለት አሁኑኑ ከዚህ ጠረጴዛ አንስተን ለሰው ብናስታቅፈው አናፍርም ማለት ነው። ውሳኔውን የሚጽፈውም ከረጢቱን የፈታው ሰው ነው። አንዱ እየፈታ ሌላው ከሩቅ ሲጽፍ ያው «ጥሩ» ተመልሶ ይመጣል።

ብዛቱም ላይ ተጠንቀቁ። «12» ብቻ አይጻፍ፤ 12 ከረጢት ነው ወይስ 12 ፍሬ? ያልተፈታ ከረጢት አይቆጠርም።

ብርድ ልብስ እርጥብ ከሆነ በእጅ ሲነካ ይታወቃል አይደል?

ይኸው፣ የምፈራው ጥያቄ መጣ። አይታወቅም! መዳፍ ቅዝቃዜን ከእርጥበት አይለይም፤ ቀዝቃዛ ቤት ያደረ ደረቅ ብርድ ልብስ እርጥብ ይመስላል፣ ፀሐይ የመታው እርጥብ ደግሞ ደረቅ። ስለዚህ እስሩን ፍቱና ወደ መሐለኛው እጥፋት ግቡ። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትቱ፤ የተዘጋ ምድር ቤት ከሸተተ ውሳኔው «ይታጠብ» ነው። ከዚያም ተመሳሳይ ሁለቱን በሁለት እጅ አንሡ፤ አንደኛው ከብዶ ከተገኘ ውኃ ይዟል፣ ተዘርግቶ ይሰጣ።

እርጥብ ነገር በላስቲክ ታሽጎ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ካደረ ሻጋታ ይጀምረዋል፤ አጠገቡ ያሉትንም ሽታው ይይዛቸዋል። በዚያው የስፌቱን ጠርዝ ገልጣችሁ እዩ። በቀለም ብዕር የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ምልክት ነው። ያን ጊዜ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፦ ወዲያው አሽጉና ከሌላው ለዩት፤ በፈላ ውኃ ታጥቦ ወይም በጋለ ማድረቂያ ውስጥ ቆይቶ ካልወጣ ወደ መደርደሪያ አይመለስ።

ምግብስ እንዴት ይመደብ?

እህቴ፣ ይህ ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ምን ዓይነት ምግብ?

ይቅርታ። ቀኑ ያለፈ የቆርቆሮ ምግብ ብዙ ካርቶን ደርሶናል፤ እንጣለው?

*አንድ አባል፦* ቀኑ ያለፈ ነገር መርዝ ነው። ምን ያነጋግራል?

*ሌላ አባል፦* ቀኑ የነጋዴ ብልሃት ነው። እኔ ዓመት ያለፈበት በልቼ ይኸው አለሁ።

*የመጀመሪያው፦* ያንተ ሆድ ለሰው መመዘኛ አይሆንም።

ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል። በማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቀን በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ሲሆን ስለ ጣዕምና ስለ ጥራት ይናገራል፤ የቆርቆሮ ምግብ ላይ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው። ሌላው «እስከዚህ ቀን ድረስ ይጠቀሙ» የሚለው የጤና ጉዳይ ነው፤ ካለፈ ይወገዳል። የሕፃናት ዱቄት ወተት ቀኑ ካለፈ ግን ክርክር የለውም፤ አይሰጥም። የመጀመሪያው ዓይነት ቀን ያለፈበትን ማደል ይፈቀድ እንደሆነ የየአገሩ ደንብ ይለያያል፤ የእናንተን ጠይቁ።

እኔ ከቀኑ ይልቅ የምፈራው ቆርቆሮውን ነው። ክዳኑን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ገብቶ «ጧ» ብሎ ከተመለሰ ወይም አስቀድሞ ካበጠ ይወገዳል። ስፌቱ ወይም ከንፈሩ ላይ የተጨረመተ፣ የሚያንጠባጥብ፣ ተጠርጎ የማይለቅ ዝገት ያለበትም እንዲሁ። ውስጡን ለማየት አትክፈቱት፣ በፍጹም አትቅመሱት፤ ሰው የሚገድለው መርዝ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል።

«በጣም ጥሩ» ብለን ብንጽፍስ?

ከላይ መልሻለሁ።

የእናቴ ካፖርት በስህተት ተሰጥቶብናል፤ ኪሱ ውስጥ ቀለበት ነበር። በቅጹ ማግኘት ይቻላል?

አዝናለሁ ወንድሜ። ዕቃው ከተመደበ በኋላ የማን እንደነበር አይታወቅም። ለሌሎቻችሁ፦ ኪስ ሁሉ ይፈተሽ፣ የተገኘውም በሌላ መዝገብ ሁለት ሰው ፈርሞበት ይቀመጥ። መድኃኒትና መርፌም ስለሚገኝ እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ከውጭ ዳብሱ።

ቁጥሩ የተቆረጠ ልብስ ለማን ብለን እንጻፍ?

የጠረጴዛውን ጠርዝ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ልካቸው የታወቁ ልብሶችን አንጥፋችሁ ከብብት እስከ ብብት የደረሱበት ላይ «ሕፃን»፣ «ልጅ»፣ «አዋቂ» እያላችሁ ለጥፉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ እዚያው እያነጠፉ ማንበብ ነው። የልጆችን በዕድሜ መከፋፈል ይሻላል፤ እናት የልጇን ዕድሜ እንጂ የልብሱን ቁጥር ላታውቅ ትችላለች።

በወረቀት ይሻላል ወይስ በስልክ?

በወረቀት።

*አንድ አባል፦* ወረቀት ይጠፋል። እኛ በስልክ መዝግበን ድምሩ ራሱ ይወጣል።

እጃችሁ አቧራ ሳይነካው የምትሠሩ ከሆነ ይሁን።

ዚፑ የተበላሸ ጃኬት ይጠገን ወይስ ይወገድ?

*አንድ አባል፦* ይሰጥ እንጂ! የበረደው ሰው ዚፕ አይመርጥም።

*ሌላ አባል፦* አንተ ዚፕ የሌለው ትለብሳለህ? እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ተሰጥቶኝ ያውቃል፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚህ እኔም ሁሌ እወላውላለሁ። ልብስ ሰፊ አላችሁ? የሚመጣበትስ ቀን ታውቋል? ከሆነ «ይጠገን» ብላችሁ ቀኑን አጠገቡ ጻፉ። ሰፊ ከሌለ ያ ክምር ማንም የማይነካው ጥግ ይሆናል። ባለፈው ስናፀዳ ከክምሩ ሥር አርባ ጃኬት አወጣን፤ ብርዱ ግን አልፎ ነበር።