አፑ ጠፍቶ ክፍያው ሲቀጥል

«የልጄን የእንግሊዝኛ መማሪያ አፕ ካጠፋሁት ቆየሁ። ውጭ ያለችው እህቴ ካርድ ላይ ግን አሁንም በየወሩ ይቆረጣል። ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ማቋረጫ አጣሁ። ፕሌይ ስቶርም Subscriptions የሚለው ባዶ ነው። ስልኩን ፎርማት ላስደርገው?» (ከጅማ)

እህቴ፣ ፎርማቱ ይቅርብሽ። «ባዶ ነው» ያልሽው ነው ነገሩን የነገረኝ። ስልኩ ላይ ሌላ የጉግል አካውንት ሊኖር ይችላል፤ አፑም የተገዛው በእሱ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ እህትሽ የባንክ መግለጫዋን ትይልሽ። የሚቆረጠው ሂሳብ ስሙ GOOGLE ብሎ የሚጀምር ከሆነ ክፍያው በፕሌይ ስቶር በኩል ነው።

ድረ ገጹ ላይ ማቋረጫ ያጣሽውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ላብራራው። ከፕሌይ ስቶር ስትገዢ ካርዱ የሚመዘገበው ጉግል ዘንድ ነው። በየወሩ የሚቆርጠውም ጉግል ነው፤ አፑን የሠራው ድርጅት የካርዱን ቁጥር አያየውም። ባለሱቁ አንድ ሰው፣ ገንዘብ ተቀባዩ ሌላ ሰው እንደማለት ነው። ድርጅቱ ዘንድ ያለሽን አካውንት ብትዘጊውም ጉግል መቁረጡን አይተውም። አፑን ከስልክ ማጥፋትም ያው ነው፤ ውሉ ያለው ስልኩ ላይ ሳይሆን አካውንቱ ላይ ነው።

አሁን ፕሌይ ስቶርን ክፈቺ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ክብ ምስል ንኪ። ከኢሜይልሽ አጠገብ ያለችውን ቀስት ስትነኪ ሌሎቹ አካውንቶች ይወጣሉ። የማታውቂው ኢሜይል ካለ እሱን ምረጪ። ከዚያ Payments & subscriptions፣ ቀጥሎ Subscriptions ግቢ። አፑ እዚያ ከተገኘ Cancel subscription በይና እስከ መጨረሻው ማረጋገጫ ድረስ ሂጂ። Pause የሚል ምርጫ ቢመጣ እንዳትነኪው፤ እሱ ለጊዜው ብቻ ነው የሚያቆመው። ሲሳካ የሚቀጥለው ክፍያ ቀን ጠፍቶ አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ይታያል።

አደራ፣ ይህን ሳትጨርሺ ያንን አካውንት ከስልኩ እንዳታወጪው። የይለፍ ቃሉን ካላወቅሽው ተመልሶ መግባት ጣጣ ነው።

እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳም ሆነ መርካቶ፣ ስልክ ሲሸጡ «ኢሜይል እንክፈትልሽ» ብለው በችኮላ አካውንት የሚከፍቱ አሉ። የይለፍ ቃሉን ለባለቤቱ ጽፈው አይሰጡም። ችግር ሲመጣ ደግሞ መፍትሔያቸው ፎርማት ነው! ይህ ሥራ በጣም ያናድደኛል። አካውንቱን የከፈተልሽ ሱቅ ከሆነ ስልኩን ይዘሽ ሂጂና የይለፍ ቃሉን ያስረክቡሽ። አካውንቱ ከስልኩ ወጥቶ ከሆነ በማንኛውም ኮምፒውተር በዚያው ኢሜይል ገብተሽ ከዚህ ታቋርጪዋለሽ፦

```
play.google.com/store/account/subscriptions
```

ካቋረጥሽ በኋላ አፑ የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ይሠራል። ያለፉት ወራት ገንዘብ ግን በቀላሉ አይመለስም። ጉግል ተመላሽ ጥያቄን በተለይ የሚያየው ክፍያው በተፈጸመ በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አፑን የሠራውን ድርጅት ጠይቂ። የሚቀጥለው ክፍያ ቀን ሲያልፍ እህትሽ መግለጫዋን አይታ እስክታረጋግጥልሽ ድረስም አካውንቱ ስልኩ ላይ ይቆይ።