የዝርዝር በጀት ሺትን ከማጠቃለያ ገጽ ጋር ስለማያያዝ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ፣ ለገጣፎ)፦ «ማጠቃለያውን ከዝርዝሩ ድምር፣ ከF48 ጋር አያይዤዋለሁ። አንድ ረድፍ ስጨምር ድምሩ 18,500 ብር ጎደለ። ማያያዣው ለምን ተበላሸ?»

መልስ፦ ማያያዣው አልተበላሸም፤ ድምሩ ወደ F49 ሲወርድ አብሮት ወርዷል። ስህተቱ ዝርዝሩ ላይ ነው። አዲሱ ረድፍ የገባው ከመጨረሻው ዕቃ በታችና ከድምሩ በላይ ስለሆነ፣ ከF5 እስከ F47 የሚደምረው ፎርሙላ ሳይደርስበት ቀርቷል። ኤክሴል አንዳንድ ጊዜ ክልሉን ራሱ ያራዝመዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ድምሩ ያለበትን ሴል ሁለት ጊዜ ጠቅ ቢያደርጉ ባለቀለሙ ሳጥን 47ኛው ረድፍ ላይ ሲያበቃ ያዩታል።

እኔ የምመርጠው፣ ከዝርዝሩ ግርጌም ሆነ ከመካከሉ ድምሮችን በሙሉ አንስቶ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ በB ዓምድ የወጪ መደብ መጻፍና ድምሩን ማጠቃለያው ላይ ብቻ ማውጣት ነው። የመደቦቹ ስም በማጠቃለያው ከA6 እስከ A14 ይጻፋል፤ ይህን ፎርሙላ ደግሞ C6 ላይ ጽፈው እስከ C14 ይጎትቱት።

```
=SUMIFS('ዝርዝር'!$F$5:$F$400,'ዝርዝር'!$B$5:$B$400,$A6)
```

እንዲህ ከሆነ ከ5ኛው እስከ 400ኛው ረድፍ መካከል ረድፍ ቢጨመር፣ ቢሰረዝ ወይም ቅደም ተከተሉ ቢቀያየር ማጠቃለያው አይዛባም።

ጥያቄ (ገላን)፦ «የዶላር ምልክት ካደረግሁበት ማያያዣው አይነቃነቅም፤ ይህ አይበቃም?»

መልስ፦ ግማሹ ትክክል ነው። ምልክቱ የሚጠብቀው ፎርሙላው ወደ ሌላ ሴል ሲገለበጥ ነው። የተያያዘው ረድፍ ከተሰረዘ ግን ምልክቱ ኖረም አልኖረም `#REF!` ይመጣል።

ጥያቄ (ለገጣፎ፣ በድጋሚ)፦ «እንዳሉት አደረግሁ፤ አሁን ደግሞ 7,200 ብር ይጎድላል።»

መልስ፦ በመጀመሪያ ማጠቃለያው ላይ ማመሳከሪያ ሴል ያስቀምጡ፤ ዜሮ ካልሆነ ገጹን ለማንም አይስጡ።

```
=SUM('ዝርዝር'!F5:F400)-SUM(C6:C14)
```

ቀጥሎ ዝርዝሩ ላይ ባዶ በሆነው H ዓምድ ይህን ከH5 ጀምረው ወደ ታች ይጎትቱት።

```
=COUNTIF('ማጠቃለያ'!$A$6:$A$14,B5)
```

መደብ ተጽፎበት ዜሮ ያወጣው ረድፍ ማጠቃለያው ያላወቀው ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ «ነዳጅ» ከሚለው ቃል ኋላ የገባች አንዲት ባዶ ቦታ ነበረች፤ በዓይን ፈጽሞ አትታይም።

ጥያቄ (ሰበታ)፦ «የእኔም ማጠቃለያ ይበላሻል። ዝርዝሩ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ጠዋት ስከፍተው `#VALUE!` ይላል።»

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከላይኛው ይለያል። SUMIFS ከተዘጋ ፋይል ላይ ማንበብ ስለማይችል ዝርዝሩ ካልተከፈተ ይህ ስህተት ይመጣል። ሁለቱን ሺቶች በአንድ ፋይል ማድረግ ይሻላል፤ ባልደረባዎ ፋይሉን ለማጋራት ፈቃደኛ መሆናቸውን ሳናውቅ ግን ከዚህ ማለፍ አልችልም።

መልስ (ሰበታ)፦ «ጠይቄ እመለሳለሁ።»