የዕድሜ ልዩነት በቁጥር፦ የመዝጋቢው ጥያቄና መልስ

በአንድ ወረዳ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ለዓመታት ልደትና ጋብቻ ስመዘግብ ነበር። ሙሽሮች ፊቴ ተቀምጠው ዕድሜ ሲቀናነሱ፣ ሲሳሳቱ፣ አንዳንዴም ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ዛሬ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አለሁ፣ ጠይቁ።

ከሪያድ፦ እጮኛዬ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ነው የተወለድኩት አለኝ። የእኔ ፓስፖርት ማርች 5፣ 1994 ይላል። በ16 ዓመት ይበልጠኛል ማለት ነው? እናቴ ከሰማች አለቀልኝ።

እናትሽን አታስደንግጫት። እሱ የነገረሽ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ፓስፖርትሽ ደግሞ በፈረንጅ። መጀመሪያ ሁለቱን ወደ አንድ አምጪያቸው። ከጃንዋሪ 1 እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ የተወለደ ሰው ከፈረንጁ ዓመት 8 ይቀንሳል፤ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የተወለደ 7። የአንቺ ልደት የካቲት 26 ቀን 1986 ሆነ ማለት ነው። ከ1978 እስከ 1986 ስምንት ዓመት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት አራት ወር፣ ከ12 እስከ 26 አሥራ አራት ቀን። ልዩነታችሁ 8 ዓመት ከ4 ወር ከ14 ቀን ነው።

በፈረንጁ ብትሠሪው 8 ዓመት ከ4 ወር ከ11 ቀን ይመጣልሻል። አትደናገጪ፣ የእነሱ ወር 31 ቀን ስላለው ሦስት ቀን ወሩ ውስጥ ገብቶ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ፓስፖርቱ ላይ ያለው እውነተኛ ልደትሽ ነው? ዓረብ አገር ለመሄድ ዕድሜ ተጨምሮ የወጣ ከሆነ የሠራነው ሁሉ ለወረቀቱ እንጂ ለአንቺ አይሆንም።

ከሪያድ፦ ሁለት ዓመት አስጨምሬ ነበር። ወሩና ቀኑ ግን የራሴ ነው።

እንግዲያው 10 ዓመት ከምናምን ነው። ለእናትሽ ይህንኛውን ንገሪ።

ከአዳማ፦ እኔ ነሐሴ 20 ቀን 1980፣ ባለቤቴ መስከረም 5 ቀን 1988። እኔ 8 ዓመት እላለሁ፣ እሷ 7 ትላለች። ማን ልክ ነው?

እሷ ናት። አንተ ዓመቱን ብቻ ቀንሰህ ቆምክ። ነሐሴ 20 ቀን 1987 ላይ ልክ ሰባት ዓመት ሞላ። ከዚያ እስከ ነሐሴ 30 አሥር ቀን፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን፣ እስከ መስከረም 5 አምስት ቀን። ሰባት ዓመት ከ21 ቀን። ስምንተኛው ገና ተጀመረ እንጂ አልሞላም። አገራችን ላይ ጠብ የሚያመጣው ይሄው ነው፤ አንዱ «ያዘ» ሲል ሌላው «ሞላ» ብሎ ይሰማል። ሠላሳ የያዘና ሠላሳ የሞላው ሰው በአንድ ዓመት ይለያያሉ።

ከደሴ፦ ጳጉሜን ለምን ትቆጥራለህ? ደመወዝ እንኳን አይከፈልባትም። ደግሞም ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፣ ስድስት ያልከው ስህተት ነው።

ደመወዝ ባይከፈልባትም ሰው ይወለድባታል። አምስት ናት ያልከው ለሦስቱ ዓመት ልክ ነው፤ በአራተኛው፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ስድስት ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍል 3 ከተረፈህ ሉቃስ ነው። 1987ን ሞክረው።

ከአዲስ አበባ፦ 41 ዓመቴ ነው፣ እሷ 26። ጓደኛዬ «ግማሽ ሲደመር ሰባት» የሚባል ሕግ አለ፣ አታልፍም ይለኛል። እውነት ነው?

ሕግ አይደለም፣ የፈረንጆች አባባል ነው። የትልቁን ዕድሜ ግማሽ ታደርግና ሰባት ትጨምራለህ፤ ታናሽየው ከዚያ ማነስ የለበትም ነው የሚሉት። የአንተ 20 ተኩል፣ ሰባት ሲጨመር 27 ተኩል። እሷ 26 ስለሆነች በአባባሉ አላለፍክም።

እኔ በጣት የምሠራበት አቋራጭ አለኝ። በመካከላችሁ ያለውን ልዩነት ውሰድና 14 ጨምርበት፤ የሚመጣው ታናሽየው ሊደርስበት የሚገባው ዕድሜ ነው። ያንተ 15 ነው፣ 14 ሲጨመር 29። እሷ 29 ሲሞላት አንተ 44 ትሆናለህ፤ የ44 ግማሽ 22፣ ሰባት ሲጨመር 29። ልክ ገጠመ። ሦስት ዓመት ብትጠብቁ አባባሉ «ፈቀድኩ» ይላል፣ እናንተ ግን ያው እናንተ ናችሁ። የ15 ዓመት ልዩነት ከልደት እስከ ሞት 15 ነው፤ የሚቀየረው ስንት እጥፍ መሆኑ ነው። እሷ 15 ሳለች አንተ 30 ነበርክ፣ እጥፍ። ዛሬ አንድ ተኩል ገደማ። እሷ 45 ስትሆን አንተ 60፣ አንድ እና ሲሶ። አባባሉ ወጣቶች ላይ የሚጠብቀውና ሽማግሎች ላይ የሚላላው ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ስለዚህ ዛሬ አታግባት እያልከኝ ነው?

እኔ ቆጥሬ ሰጠሁህ፣ አማች አልሆንኩህም።

ከባሕር ዳር፦ አባቴ 70፣ እናቴ 51 ናቸው። ሲጋቡ እሷ 20 ነበረች። እንደዚህ ከሆነ መፋታት ነበረባቸው ማለት ነው?

አባባሉ ስለ ፍቺ አይናገርም። በጥናት የወጣ ሳይሆን በጨዋታ ወግ የመጣ ነው፤ ፈረንጆቹም ዱሮ ይሉት የነበረው ለወንድ ምቹ ሙሽራ ስንት ዓመት ትሁን ለማለት ነበር። ዝቅተኛ ወለል ያደረጉት ኋላ ነው። በወላጆችሽ ሠርግ ቀን አባትሽ 39 ነበሩ፣ ወለሉ 26 ተኩል፣ እናትሽ 20። ወድቀዋል። ዛሬ ወለሉ 42 ነው፣ 51 ናቸው፤ አልፈዋል። በመሐል 31 ዓመት አብረው ኖረዋል።

ከመቀሌ፦ 18 የሞላው ልጅ በዚህ ስሌት 16 ዓመት ልጅ ማግባት ይችላል ማለት ነው?

አይችልም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት ይጠይቃል። ትልቅየው 22 እስኪሞላው አባባሉ ከሕጉ ያነሰ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ የ22 ግማሽ 11፣ ሰባት ሲጨመር 18። ከዚያ በታች አባባሉን እርሱት። ከ18 በላይ ደግሞ ሕጉ የዕድሜ ልዩነት አይቆጥርም፤ ሃምሳ ዓመት ቢሆንም መዝጋቢው ይመዘግባል። እኔም መዝግቤያለሁ፣ ቢከነክነኝም።

ከደሴ፦ እኔ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ጥሩ አይደለም ባይ ነኝ። ስሌት አያስፈልገውም።

ልታምን ትችላለህ። እኔ ግን 50 እና 61ን ከ19 እና 30 ጋር እኩል ማየት አይሆንልኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የእኔም የባለቤቴም መታወቂያ ጃንዋሪ 1 ይላል፣ የእሱ 1982 የእኔ 1987። ልክ አምስት ዓመት ነው እንበል?

ልደቱ ሳይታወቅ ሲቀር የሚሞላ ቀን ነው። ዓመቶቹ እውነት ቢሆኑ እንኳን ልዩነቱ ከአራት ዓመት ትንሽ በላይ እስከ ስድስት ዓመት ሊጠጋ የትም ሊሆን ይችላል። የክረምት ልጅ ናችሁ ወይስ የበጋ? ያንን የሚያስታውስ ሰው ካለ ይጠባል።

ከጎንደር፦ ወንድ አያቴ 1918 እንደተወለደ ዳዊቱ ሽፋን ላይ ተጽፏል። ሴት አያቴ ግን ዕድሜዋን አታውቅም፤ «ጣልያን ሲወጣ ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር» ነው የምትለው። ልዩነታቸውን ማወቅ ይቻላል?

አንድ ቁጥር አይወጣም፣ ከዚህ እስከዚህ ማለት ግን ይቻላል። «ጣልያን ሲወጣ» የሚለው ቃል የት እንደተባለ ይወስናል። አዲስ አበባ ቢሆን 1933 ነው። ጎንደር ላይ ግን ጣልያን እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ነው። ያደጉት እዚያው ከሆነ 1934 እንውሰድ። ልጅ የወተት ጥርሱን የሚነቅለው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ስለሆነ ልደታቸው ከ1922 እስከ 1928 ባለው ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ ከአራት እስከ አሥር ዓመት።

የበለጠ ማጥበብ ከፈለግህ የትኛው ጥርስ እንደነበር ጠይቃቸው። የፊቱ ከሆነ ከስድስት እስከ ስምንት ነበሩ ማለት ነው፣ ልዩነቱም ከስምንት እስከ አሥር ይሆናል። መንጋጋ ካሉህ ወደ አራቱ እንጠጋለን።

ከጎንደር፦ አሁን ተኝታለች። ጠዋት ጠይቄ እነግርሃለሁ።